ከገላጭ ጽሑፉ ፎቶ ላይ የትኛውን ቁጥር እናንብብ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የቪታሚንና የማዕድን ብልቃጥ ፎቶ ተያይዞባቸዋል። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት በፎቶው ላይ የሚታየው መጠን በቀን ከሚፈቀደው የላይኛው ገደብ ማለፉንና አለማለፉን ማወቅ ነው። ከገደቡ ጋር የሚነጻጸረው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ጎልቶ የተጻፈው አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ፈልጎ ማውጣት ላይ የሚያተኩሩትን አምስት ጥያቄዎች መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ *የምወስደው ቪታሚን ቢ12 ብልቃጥ ላይ 41,667% ይላል። ማግኒዚየሜ ደግሞ 95% ብቻ ነው። ቢ12ቱን ልጣለው?*

መልስ፦ አይጣሉት። ይልቁንስ ማግኒዚየሙን መልሰው ይመልከቱ።

ፐርሰንቱ የሚለካው ከላይኛው ገደብ አንጻር አይደለም። አንድ ጤነኛ ሰው በቀን ሊያገኘው ይገባል ተብሎ ለገላጭ ጽሑፍ ከተመረጠው መጠን አንጻር ነው። በአሜሪካ ደንብ ይህ መጠን ለቢ12 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ 1,000 ማይክሮግራም የያዘ አንድ ፍሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፐርሰንት ያሳያል። ቢ12 በብዛት ተወስዶ ጉዳት ማድረሱ ስላልታየ ግን የላይኛው ገደብ አልወጣለትም። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ የተሻገረ ገደብ የለም።

የማግኒዚየም ነገር የተገላቢጦሽ ነው። የፐርሰንቱ መነሻ 420 ሚሊግራም ስለሆነ፣ 95% የሚለው ብልቃጥ 400 ሚሊግራም ይዟል ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ያወጡት የአዋቂ ገደብ ደግሞ 350 ሚሊግራም ነው። ገደቡ ከሚመከረው መጠን ሊያንስ የቻለው፣ በምግብ የሚገኘውን ማግኒዚየም ትቶ በእንክብልና በመድኃኒት የሚወሰደውን ብቻ ስለሚመለከት ነው። መነሻው ተቅማጥ ነው፤ ሆድዎ ደኅና ከሆነና ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ 50 ሚሊግራም ማለፉ የሚያስደነግጥ አይደለም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ትርፉን ማስወጣት ስለሚያቅተው ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊወስደው አይገባም።

ጥያቄ፦ *ለማርገዝ እያሰብኩ ነው። የሦስት ብልቃጦቼን ፎቶ ልኬያለሁ፤ ሁሉም ላይ ቪታሚን ኤ 100% ወይም ከዚያ በታች ነው። ችግር አለው እንዴ?*

መልስ፦ አዎ፣ አለው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አብረን እንያቸው፤ ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ቦታ የሰጠሁትም እርስዎ ባሉበት ሁኔታ ስሕተቱ ከባድ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ብልቃጥ መልቲቪታሚን ነው። በሠንጠረዡ ላይ 5,000 IU፣ 100% ይላል፤ ከስሩ በደቃቅ ፊደል 40 ፐርሰንቱ ቤታ ካሮቲን እንደሆነ ተጽፏል። ይህች ደቃቅ መስመር ወሳኝ ናት። ቤታ ካሮቲን ከዕፅዋት የሚገኝ ሲሆን፣ ሰውነት በሚያስፈልገው ልክ እየመጠነ ወደ ቪታሚን ኤ ይለውጠዋል። በዚህም ምክንያት የቪታሚን ኤ ገደብ ቤታ ካሮቲንን አይቆጥርም። የሚቆጠረው ተዘጋጅቶ የሚመጣው ሬቲኖል ነው፤ በገላጭ ጽሑፍ ላይ ሬቲኒል ፓልሚቴት ወይም ሬቲኒል አሲቴት ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ከ5,000ው የምንይዘው 60 ፐርሰንቱን፣ ማለትም 3,000 IU ነው። ሬቲኖልን ከ IU ወደ ማይክሮግራም ለመለወጥ በ0.3 እናባዛለን፤ 900 ማይክሮግራም ይሆናል።

ሁለተኛው የዓሣ ጉበት ዘይት ካፕሱል ነው፤ 4,000 IU፣ 80%። ከሠንጠረዡ አናት ላይ Serving Size በሚለው ቦታ 2 ካፕሱል ተጽፏል፤ 4,000ው የሁለቱ ድምር ነው ማለት ነው። እርስዎ ግን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እንደሚወስዱ ጽፈውልኛል። ስለዚህ በቀን 8,000 IU ያገኛሉ፤ የዓሣ ጉበት ዘይት ቪታሚን ኤ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሬቲኖል ነው። በ0.3 ሲባዛ 2,400 ማይክሮግራም ይሆናል።

ሦስተኛው ለፀጉርና ለቆዳ የተባለው ነው። ይኸኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን የአሜሪካ ደንብ ተከትሎ በማይክሮግራም ስለተጻፈ ሂሳብ አያሻውም፦ 900 ማይክሮግራም፣ 100%፣ በሬቲኒል ፓልሚቴት መልክ። ሁለቱ ብልቃጦች በአሮጌው አሃድ፣ አንዱ በአዲሱ መጻፋቸው ድምሩን ከዓይንዎ ሰውሮታል።

900፣ 2,400 እና 900 ሲደመሩ 4,200 ማይክሮግራም ይሆናሉ። የአዋቂ ገደብ 3,000 ነው፤ እርጉዝ ሴትንም ይጨምራል። ይህ ገደብ እንደ ማግኒዚየሙ እንክብልን ብቻ የሚመለከት ሳይሆን በምግብ የሚገኘውንም ሬቲኖል ያጠቃልላል። ጉበት የሚበላ ሰው በአንድ ማዕድ ብቻ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል።

የሬቲኖል ብዛት የሚፈራው የፅንሱ ልብ፣ ፊትና አንጎል በሚሠሩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን የሚያውቁት እነዚህ ሳምንታት ከተጀመሩ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ቪታሚን ኤ ጉበት ውስጥ የሚጠራቀም በመሆኑ እርግዝናው በታወቀ ዕለት ማቆም ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የዓሣ ጉበት ዘይቱንና የፀጉሩን ካፕሱል ዛሬውኑ ያቁሙ። መልቲቪታሚኑ ብቻውን ሲቀር 900 ማይክሮግራም ሬቲኖል ስለሚሆን ከገደቡ በእጅጉ ያንሳል። ሦስቱንም ብልቃጦች ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ለእርግዝና ተብሎ የተዘጋጀ፣ ቪታሚን ኤው በቤታ ካሮቲን መልክ የሆነ ሊመርጡልዎ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ *ለእናቴ የታዘዘላት የብረት እንክብል 325 ሚሊግራም ይላል። ገደቡ 45 እንደሆነ አንብቤያለሁ። ሰባት እጥፍ እየወሰደች ነው ማለት ነው?*

መልስ፦ አይደለም። 325ቱ የፌረስ ሰልፌት ክብደት ነው፤ ይህም ብረት፣ ሰልፌትና ውኃ አንድ ላይ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብረት 65 ሚሊግራም ያህል ነው። ገደብ ምን ጊዜም የሚነጻጸረው ከንጹሑ ማዕድን ጋር ነው። ፎቶ ስታይ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ለይ። ብልቃጡ ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የጨው ክብደት ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ «ብረት» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ግን፣ ጨው ከስሩ ቢጠቀስም፣ የንጹሑ ብረት መጠን ነው። ካልሲየምም እንዲሁ ነው፤ 1,250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት 500 ሚሊግራም ካልሲየም ይሰጣል።

65ም ቢሆን ከ45 ይበልጣል። ይሁን እንጂ ገደቡ የወጣው በራሳቸው ፈቃድ ለሚወስዱ ጤነኛ ሰዎች ነው፤ ሐኪም የደም ማነስን ለማከም ያዘዘውን መጠን አይገዛም። ስለዚህ እናትህ እንዳታቋርጥ። ሆዷን ካስቸገራት ወይም ድርቀት ከበረታባት መጠኑን የሚያስተካክለው ያዘዘላት ሐኪም ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ብልቃጡ ይቆለፍበት፤ ጥቂት የብረት ፍሬዎች ሕፃንን ሊገድሉ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ *ቢ6 ከሦስት ብልቃጥ ስደምረው 62 ሚሊግራም ሆነ። አንዱ ቦታ ገደቡ 100 ነው፣ ሌላው ቦታ 12 ነው ይላል። የቱን ልመን?*

መልስ፦ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። 100 ሚሊግራም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው፤ 12ቱን ደግሞ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 አወጣው፤ ከዚያ በፊት 25 ነበር። ሁለቱም የሚፈሩት የነርቭ ጉዳትን ነው፤ የሚለያዩት በማስረጃው አመዛዘንና በጥንቃቄው ልክ ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚወሰድ ከሆነ ዝቅተኛውን ይዘው ይሂዱ። አብዛኛው ሰው 62 ሚሊግራም ቢ6 የሚያስፈልገው ምክንያት የለም። ከላኩት ፎቶ እንዳየሁት 50ው የመጣው ከቢ ኮምፕሌክሱ ነው፤ 10ሩ «ማግኒዚየም» ተብሎ ከተሸጠው ብልቃጥ፣ 2ቱ ከመልቲቪታሚኑ። ቢ6 እንዲህ በሌላ ስም ውስጥ ተደብቆ ስለሚገባ ፒሪዶክሲን የሚለውን ስም በየሠንጠረዡ ይፈልጉ። ቢ ኮምፕሌክሱን ሲተዉ 12 ላይ ይቆማሉ። በእግር ወይም በእጅ ጣቶችዎ ላይ መደንዘዝ፣ መቆርጠም ወይም ማቃጠል ከተሰማዎት ሁሉንም አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ *የሴሌኒየም ብልቃጡ ፎቶ ደብዝዟል፤ 100 mg ይሁን 100 mcg አይለይም። ፐርሰንቱ ግን ይነበባል፣ 182% ነው። ከዚህ ማወቅ ይቻላል?*

መልስ፦ ይቻላል። 100ን በ1.82 ሲያካፍሉ 55 ገደማ ይመጣል፤ በአሜሪካ ገላጭ ጽሑፍ የሴሌኒየም መነሻ መጠን 55 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ የደበዘዘው mcg ነው፤ ከ400 ማይክሮግራሙ የአሜሪካ ገደብም፣ ከ255ቱ የአውሮፓ ገደብም በታች ነው። ሚሊግራም ቢሆን ኖሮ የአሜሪካውን ገደብ 250 ጊዜ ያጥፍ ነበር። አሃዱ በጠፋ ቁጥር መጠኑን ለፐርሰንቱ ማካፈልና ውጤቱን ከመነሻው መጠን ጋር ማስተያየት ለሌሎቹም ማዕድናትና ቪታሚኖች ይሠራል።

ፎቶ የሚነግረን ግን የተጻፈውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ አንድ ፈሳሽ ተጨማሪ ምርት ገላጭ ጽሑፉ 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየም እያለ፣ በአመራረት ስሕተት ከ200 እጥፍ በላይ ይዞ ተገኝቶ 201 ሰዎችን አሳምሟል። ተቅማጥ ያዛቸው፣ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተበላሸ። ጽሑፉን ብቻ ያነበበ ሰው ምንም አያገኝበትም ነበር። ስለዚህ ሂሳቡ ከገደብ በታች ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ መውሰዱን ያቁሙ፤ ብልቃጡን ግን አይጣሉት፣ የተመረተበት ተከታታይ ቁጥር ያለበት ስለሆነ ወደ ሐኪም ይዘውት ይሂዱ።