የበግ ግጦሽን ከፋፍሎ ማሳረፍ፦ ከጅማ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ግጦሽና ስለ ጨጓራ ትል ጠይቁኝ። የመድኃኒት ዋጋ ግን አትጠይቁኝ።

ከማና፦ ስድስት በግ አለኝ፣ ቦታዬ ጠባብ ነው። በስንት ቀን ላዘዋውራቸው?

በ4 ቀን፣ እህቴ። የትሉ እንቁላል ከበጠጡ ጋር ይወርዳል። በዚህ ሙቀትና ዝናብ በጉን የሚይዝ እጭ ለመሆን አምስት ስድስት ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ትወጫለሽ። መመለሱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሣሩ በሦስት ሳምንት አድጎ ያጓጓል፣ እጩ ግን ገና በሕይወት አለ። እኔ ራሴ ቦታዬን ስድስት ላይ ከፍዬ በ20 ቀን እመለስ ነበር። ሁለት እናት በጎች መንጋጋቸው ሥር አበጠ፣ የዓይናቸውን ቆብ ገልጬ ሳየው ወረቀት መስሏል። ሞቃት ቆላ ላይ ከወር ትንሽ ያለፈ እረፍት ይበቃል፤ የጅማ ሌሊት ግን ቀዝቀዝ ስለሚል እጩ ይቆያል። አሁን በችካል 12 ላይ ከፍያለሁ። አንዱን 4 ቀን በልተው 44 ቀን ያርፋል። ሣር ካነሰሽ ደሾ አጭደሽ አብይ። ሣሩ አራት ጣት ሲቀረው አውጪያቸው፣ እጩ የሚበዛው ከታች ነው።

ከሰቃ፦ ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ካላወጣኋቸው መዘዋወሩ ምን ያደርጋል?

ግማሹ ልክ ነው። እጩ በእርጥበት ሣሩ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ መዘግየቱ ይጠቅማል። ግን አይሞትም፣ እዚያው ታች ይጠብቅሃል።

ከዴዶ፦ እኔ በየወሩ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ምንም አልሆኑም።

ወንድሜ፣ እሱ አልተጠየቀም። በየወሩ ሁሉንም ስትሰጥ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ትል ብቻ ይቀርልሃል። የዓይን ቆቡ ለነጣው ስጥ።

(ከዴዶ፦ የኔ በጎች ግን ወፍራም ናቸው።)

ከማና፦ ላሜንስ ከበጎቹ ኋላ ላስገባት?

አስገቢ! የበግ ትል አብዛኛው ላም ውስጥ አይኖርም። ከሣሩ ጋር ትበላውና በዚያው ያልቃል። ፍየል ግን አይሆንም፣ ትላቸው አንድ ነው። ትንሽ ጥጃም አታስገቢ።

ከሌላ ጠያቂ፦ በሳምንት ባዘዋውርስ?

4 ቀን አልኩ። ከላይ አንብብ።

ከቦዬ በኩል፦ የኛ ረግረግ ነው፣ የጉበት ትል ያስቸግራል።

ያ ሌላ ነው፣ ከቀንድ አውጣ ይመጣል። ማዘዋወር አይመልሰውም። ረግረጉን አጥሩት።

ከሰቃ፦ የወል ግጦሹን እንዴት እናሳርፍ? የጎረቤት በግ ይገባል።

የሌላ በግ ለአንድ ቀን እንኳ ከገባ እረፍቱ ከዚያን ቀን እንደገና ይቆጠራል። ሁሉም ካልተስማማ የራስህን በገመድ በቁራጭ እያሰርክ አዘዋውር፣ ችካሉን ግን በየ4 ቀኑ ንቀል።

(ከማና፦ እኛ ሰፈር አንዱን ጎን ለመዝጋት ተስማምተን ነበር፣ ጠባቂ የሚከፍል ጠፋ።)

(ከዴዶ፦ ተራ ግቡ እንጂ ምን ክፍያ አለው።)

(ከማና፦ ቡና ለቀማ ላይ ማን ተራ ይገባል?)

እዚህ ላይ መልስ የለኝም። በተራ ያሳካ ሰፈር ካለ ይጻፍልን፣ በተለይ ለቀማውን እንዴት እንዳለፈው።