ከቢሮ ውጭ አልከፈት ያለ ሪሞት ዴስክቶፕ

ጥያቄ፦ «ቢሮዬ ባሕር ዳር፣ ቤተሰቤ ጎርጎራ ነው። ቢሮ ውስጥ ከሌላ ኮምፒውተር ስሞክር ሪሞት ዴስክቶፑ ወዲያው ይከፈታል፤ ጎርጎራ ሆኜ በስልኬ ዳታ ስሞክር ግን ጥቂት ቆይቶ ጊዜው አለፈ ብሎ ይዘጋል። ራውተሩ ላይ 3389ን ከፍቻለሁ። ምን ቀረኝ?»

መልስ፦ ኮምፒውተርዎ ጥያቄ እንደሚቀበል የቢሮው ሙከራ አረጋግጧል። ምንም ምላሽ ሳይመጣ ጊዜው ማለፉ ደግሞ ጥያቄው መንገድ ላይ እንደቀረ ወይም ፋየርዎል ያለ መልስ እንደጣለው ያመለክታል። በመጀመሪያ ደብል ናትን፣ ማለትም ሁለት መሣሪያዎች ተከታትለው አድራሻ የሚቀይሩበትን ሁኔታ፣ እንዲያጣሩ እመክራለሁ፤ እሱ ካለ የከፈቱት ፖርት ብቻውን አይጠቅምም።

የራውተርዎን ገጽ ከፍተው WAN በሚለው ስር ያለውን አድራሻ ይጻፉ፤ ከዚያ በቢሮው መስመር ላይ ሆነው ድረ ገጾች የሚያዩትን የውጭ አድራሻዎን ከእሱ ጋር ያስተያዩ። አንድ ከሆኑ ደብል ናት የለም። በቅርቡ ባሕር ዳር ውስጥ ባየሁት አንድ ቢሮ WAN የሚለው 192.168.1.5 ነበር፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ 192.168.0.20። የኢንተርኔት አቅራቢው ሞደም ራሱ አድራሻ እየቀየረ ስለነበር፣ ከጀርባው የተሰካው የዋይፋይ ራውተር ላይ የተከፈተው ፖርት ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ሊያገኘው አልቻለም። ሞደሙ ላይ 3389ን ወደ 192.168.1.5፣ ራውተሩ ላይ ወደ 192.168.0.20 ስናስተላልፍ ተከፈተ። የሞደሙ WAN አድራሻ ራሱ በ10 ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከወደቀ ግን ሌላው አድራሻ ቀያሪ በአቅራቢው በኩል ነው፤ በቢሮው የሚያደርጉት ማስተካከያ አይፈታውም፣ የሕዝብ አድራሻ መጠየቅ ይኖርብዎታል።

ደብል ናት ከሌለ ፖርት ፎርዋርዲንጉንና ፋየርዎሉን በአንድ ሙከራ መለየት ይቻላል። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ በኔትወርኩ የሚገባና የሚወጣውን የሚያሳየውን Wireshark የተባለ ፕሮግራም ከፍተው ይህን ማጣሪያ ያስገቡ፦

```
tcp.port == 3389
```

ከዚያ ዋይፋዩን ባጠፋ ስልክ፣ በዳታ ብቻ፣ ሰው እንዲሞክር ያድርጉ። በቢሮው ዋይፋይ የሚደረግ ሙከራ ያሳስታል፤ አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ወደ ራሱ የውጭ አድራሻ የሚመጣውን አይመልስም። ምንም ጥያቄ ካልታየ ፖርት ፎርዋርዲንጉ ተሳስቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩ አድራሻ ተቀይሮ ደንቡ ወደ አሮጌው ይልካል፤ ስለዚህ ቋሚ አድራሻ ያስይዙለት። ጥያቄው ደርሶ ምላሽ ካልወጣ ግን ጥፋቱ የፋየርዎሉ ነው፤ Remote Desktop - User Mode (TCP-In) የሚለው ደንብ Scope በሚለው ስር ለ Local subnet ብቻ ተፈቅዶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ቢሮ ውስጥ ሠርቶ ከውጭ የሚከለክለው ይህ ነው።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ 3389ን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርገው አይተዉት፤ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ፕሮግራሞች በአጭር ጊዜ ያገኙታል። ራውተርዎ ቪፒኤን የሚያስተናግድ ከሆነ የቪፒኤኑን ፖርት ብቻ ያስተላልፉና ሪሞት ዴስክቶፑን በእሱ ውስጥ ይክፈቱ።