ጥያቄና መልስ፦ የውል የክፍያ አንቀጽ ሲተረጎም ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ብሩና የየወሩ ክፍያ

መላሹ፦ ዛሬ የምመልሰው ስለ ክፍያ አንቀጽ ብቻ ነው። ሥራዬ ውል መተርጎም ነው፤ ጠበቃ አይደለሁም። አንቀጹን እንዳለ ጻፉልኝ። «ስለ ቁጥር ንገረን» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

አይሱዙ ገዢዋ፦ ጋሼ፣ አይሱዙ ልንገዛ ነው። በገንዘብ የሚያግዘን የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያደገው፤ አማርኛ አያነብም። ረቂቁን ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩለት ነው። አንቀጹ ይኸው፦ «የመኪናው ዋጋ ብር 2,450,000 (ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሃምሳ ብር) ነው። ገዢ ውሉ በተፈረመበት በ20/05/2018 ብር 800,000 ከፍሏል። ቀሪውን ከየካቲት 30 ጀምሮ በየወሩ በ30ኛው ቀን በ9 እኩል ዙር ይከፍላል። ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን የዙሩን 0.1 በመቶ ይቀጣል።» እንዴት ልተርጉመው? በየወሩስ ስንት ይደርስብናል?

መላሹ፦ እህቴ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው።

መጀመሪያ በቅንፍ ያለውን ደግመሽ አንብቢው። «ሺህ» የለም። በአሃዝ 2,450,000 ነው፤ በፊደል የተጻፈው ግን 2,000,450 ነው። ልዩነቱ 449,550 ብር ነው። ይህን በትርጉሙ ላይ ዝም ብለሽ እንዳታስተካክዪው። ተርጓሚ ዋናውን ሰነድ አያርምም። ገና ረቂቅ ስለሆነ አማርኛውን ራሱን አሳርሚ፣ ከዚያ ተርጉሚ። ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም እንዳሉ ተርጉመሽ፣ ከሥር «በዋናው ላይ አሃዙና ፊደሉ አይስማሙም» የሚል የተርጓሚ ማስታወሻ ታስገቢ ነበር።

ቀጥሎ ቀኑ። 20/05/2018 ብለሽ ብትልኪለት አሜሪካ ያደገ ሰው «20ኛ ወር የለም» ብሎ ይገለብጠውና ሜይ 20፣ 2018 ብሎ ያነበዋል። ከስምንት ዓመት በፊት የተፈረመ ውል ይመስለዋል። ወሩን በፊደል ጻፊ። የኢትዮጵያውን ቀን አትጣዪ፤ ከጎኑ የፈረንጁን ጨምሪ። የትኛው የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቅ። እንዲህ፦

```
ETB 2,450,000.00
20 Tir 2018 E.C. (28 January 2026)
```

ክፍያው ደግሞ ቀላል ነው። ከ2,450,000 ላይ 800,000 ሲቀነስ 1,650,000 ይቀራል። ለ9 ሲካፈል 183,333.33 ይመጣል፤ ግን እኩል አይካፈልም። 183,333.33 በ9 ሲባዛ 1,649,999.97 ነው። ሦስት ሳንቲም ጎደለ። ስለዚህ ስምንቱን ዙር 183,333.33፣ የመጨረሻውን 183,333.36 አድርጉት። ሦስት ሳንቲም ምን ያደርጋል አትበይኝ። «ዕዳው ተጠናቋል» የሚል ደረሰኝ ሲጠየቅ ድምሩ ከዋጋው ጋር መግጠም አለበት።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ይቅርታ፣ የዙር ክፍያ እንዲህ በማካፈል አይሰላም። ኤክሴል ላይ ቀመር አለው። በዓመት 12 በመቶ ወለድ ብናስብ፦

```
=PMT(12%/12, 9, -1650000)
```

192,621 ብር ከ60 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል።

መላሹ፦ ቀመሩ ልክ ነው። ግን አንቀጹ ላይ ወለድ የሚል ቃል የት አየህ? የሌለውን አታስገባ።

የቁጠባ ማኅበር አባል፦ እኛ ጋ ደግሞ ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ ነው የሚታሰበው። በወር 1 በመቶ ከሆነ 16,500፣ በ9 ወር 148,500። ተደምሮ ለ9 ሲካፈል 199,833.33 ነው። ከ192 ሺሁ ጋር ለምን አይገጥምም?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የኔ በቀሪው ዕዳ ላይ ነዋ። ዕዳው በከፈልክ ቁጥር ይቀንሳል፣ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል። ጠቅላላ ወለዱ 83,600 ገደማ ነው። የእናንተ ዕዳው ቢቀንስም ባይቀንስም ያው ነው የሚያስከፍለው።

የቁጠባ ማኅበር አባል፦ ታዲያ «12 በመቶ» የሚለው ቃል አንድ አይደል? እንዴት ሁለት ዋጋ ይኖረዋል?

መላሹ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የአይሱዙዋ ውል ግን ሌላ ነው። ወለድ ያለበት ውል የምትተረጉሙ ሰዎች ብቻ ይህን ያዙ፦ «በመነሻው ላይ» ወይም «በቀሪው ላይ» የሚለው በዋናው ካልተጻፈ ከራሳችሁ አትጨምሩ። ባለቤቱን ጠይቁ። አሁን ወደ ቀኑ ልመለስ፤ የሚያስቀጣው እሱ ነው።

«የካቲት 30»ን «ፌብሩዋሪ 30» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ቀን በዓለም ላይ የለም። የካቲት 30፣ 2018 ማለት ማርች 9፣ 2026 ነው። ትንሽ የተሻለ የሚያውቀው ደግሞ ይህን ያገኝና «በየወሩ በ9ኛው ቀን» ብሎ ይጽፋል። ይኸኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ትክክል ይመስላልና።

ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። የእነሱ 31ም፣ 30ም፣ 28ም ይሆናል። ስለዚህ ቀኑ በየወሩ ይንሸራተታል። መጋቢት 30 ኤፕሪል 8 ነው። ሚያዝያ 30 ሜይ 8። ግንቦት 30 ጁን 7። ሰኔ 30 ጁላይ 7። ሐምሌ 30 ኦገስት 6። ነሐሴ 30 ሴፕቴምበር 5። ዘመድሽ እንግሊዝኛውን አምኖ በሴፕቴምበር 9 ቢልክ አራት ቀን ዘግይቷል። በቀን 183.33 ብር ቅጣት ነው፤ በአራት ቀን 733 ብር ከ33 ሳንቲም አካባቢ። እሱ በያዘው ወረቀት ግን በቀኑ ነው የከፈለው።

ከነሐሴ በኋላ ጳጉሜን ትመጣለች። 30ኛ ቀን የላትም። ስለዚህ ስምንተኛው ዙር መስከረም 30፣ 2019 ነው፤ ኦክቶበር 10። ዘጠነኛው ጥቅምት 30፤ ኖቬምበር 9፣ 2026። እንግሊዝኛው ላይ «በየወሩ» የሚለውን ተርጉመሽ እንዳታቆሚ። ዘጠኙንም ቀን ከነአቆጣጠሩ ዘርዝሪ፣ ከየቀኑ ፊት የብሩን መጠን አስቀምጪ። ዝርዝሩም መጀመሪያ አማርኛው ውል ውስጥ ይግባ፤ ትርጉሙ ላይ ብቻ ካለ አንቺ የፈጠርሽው ነው የሚሆነው።

ደላላ ነኝ፦ ጳጉሜን ወር አይደለች እንዴ? 13ኛ ወር እያልን አይደል የምንዘምረው? ሻጩ «በጳጉሜን 5ም አንድ ዙር ክፈሉ» ቢልስ?

የቤት አከራይ፦ የቤት ኪራይ ለጳጉሜን ማን ይከፍላል? እኔ ተቀብዬ አላውቅም።

ደላላ ነኝ፦ አንቺ ደግ ሆነሽ ነው እንጂ የሚቀበል አለ። በቀን አስቦ።

ጡረተኛው መምህር፦ ደመወዝም ለጳጉሜን ተለይቶ አልተከፈለንም። ልማዱ ግልጽ ነው።

ደላላ ነኝ፦ ልማድ ሌላ፣ ውል ሌላ፣ መምህር። ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ሁሉም የመሰለውን ይላል።

መላሹ፦ ደላላው በዚህ እውነት አለው። «በ30ኛው ቀን» የሚለው ቃል ለእኔ ጳጉሜንን ያስወጣታል፤ ሌላ ሰው ግን በሌላ መንገድ ሊከራከር ይችላል። የቀን ዝርዝር ካለ ክርክሩ አይነሳም።

ከደንቨር፦ ለምን ታወሳስቡታላችሁ? ስምንት ዓመት ትደምራላችሁ፣ አለቀ።

መላሹ፦ አላለቀም። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት ነው። የእሷ የመጀመሪያ ዙር በስምንት ይሄዳል፣ የመጨረሻው በሰባት። ጥቅምት 2019 ላይ ስምንት ብትደምር ክፍያውን ወደ 2027 ወስደኸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ረጅም ውል ያላችሁ ስሙኝ። የ2018ን ሰንጠረዥ ለሁሉም ዓመት አትጠቀሙ። የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ናት። ስለዚህ መስከረም 1፣ 2020 ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12፣ 2027 ላይ ይውላል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29፣ 2028 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። በ2019 ኖቬምበር 9 የነበረው ጥቅምት 30 በ2020 ኖቬምበር 10 ነው። የሦስትና የአምስት ዓመት ውል ስትተረጉሙ እያንዳንዱን ቀን ለብቻው መንዝሩ። ከላይ አንዱን ቀን መንዝሮ ታች ድረስ የጎተተ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል።

ልጇን የምታስመዘግብ፦ የልደት ቀን በፓስፖርትና በልደት ካርድ ላይ ቢለያይ እንዴት ይታረማል?

መላሹ፦ ይህ ውል አይደለም። ካርዱን የሰጠውን ክፍል ጠይቂ።

ከዱባይ፦ የኔ የሥራ ውል አረብኛ ነው። ደመወዙ በድርሃም ነው። ወደ ብር ቀይሬ ልተርጉመው? ለቤተሰብ እንዲገባቸው።

መላሹ፦ አትቀይር። ድርሃም ድርሃም ሆኖ ይቀራል። ለቤተሰብህ በቃል ንገራቸው።

ከደንቨር፦ የአይሱዙውስ? የአጎቷ ልጅ የሚያስበው በዶላር ነው። ዶላሩን ብትጽፍለት ምን አለበት?

መላሹ፦ አሁን ለዱባዩ ወንድማችን የመለስኩትን አላነበብክም? ገንዘብ አይቀየርም። ምክንያቱን ከፈለግህ ሐምሌ 22፣ 2016ን አስታውስ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር ገባ፤ ዓመት ሳይሞላም ከ100 አለፈ። በ57 ሒሳብ 2,450,000 ብር ወደ 43,000 ዶላር ነበር። በ100 ሒሳብ 24,500 ነው። ትርጉም ላይ «43,000 ዶላር» ብሎ የጻፈ ሰው ከወራት በኋላ የትኛውን ዋጋ ነው የተረጎመው? ውሉ የሚለው ብር ነው፤ ዕዳውም ብር ነው።

ዘመድሽ ዶላሩን ማወቅ ከፈለገ በሌላ ወረቀት፣ ቀኑንና የባንኩን የምንዛሪ ዋጋ ጠቅሰሽ ላኪለት። ከትርጉሙ ጋር አይያያዝ።

ጀርመን ያለሁ፦ እዚህ ደግሞ ሺህን በነጥብ፣ ሳንቲምን በኮማ ነው የሚለዩት። ባለፈው የብድር ውል ስተረጉም 183.333,33 ብዬ ጻፍኩ። ስህተት ነው?

መላሹ፦ ወደ ጀርመንኛ ከሆነ ልክ ነህ። ወደ እንግሊዝኛ ከሆነ ቀይረው። በፊደል የተጻፈው ከጎኑ ካለ አንባቢው አይሳሳትም፤ ፊደሉን ግን ሁልጊዜ ተርጉም።

ስሜን ልተወው፦ የግዕዝ አኃዝ ብንጠቀምስ?

መላሹ፦ ለክፍያ አንቀጽ? አይሆንም።

አይሱዙ ገዢዋ፦ ጋሼ፣ ሻጩ «ሺህ»ን ሊጨምር ተስማምቷል። የቀን ዝርዝሩንም እናስገባለን ብሏል። አንድ የቀረኝ፦ ግንቦት 30 እሁድ ነው የሚውለው። ባንክ ዝግ ነው። ሰኞ ብንከፍል እንቀጣለን?

መላሹ፦ አንቀጹ ዝም ብሏል፣ ስለዚህ ከእኔ መልስ አትጠብቂ። «ቀኑ ባንክ በማይሠራበት ቀን ከዋለ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይከፈላል» የሚል አረፍተ ነገር አስጨምሪ።

ደላላ ነኝ፦ ሻጭ ይህን አይቀበልም። «ዓርብ አስቀድማችሁ ክፈሉ» ነው የሚለው። እኔ ያየሁት ሁሉ እንዲህ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ በስልክ ማስተላለፍ እያለ እሁድ ምን ችግር አለው?

አይሱዙ ገዢዋ፦ ገንዘቡ ከአሜሪካ ነው የሚመጣው፣ ወንድሜ። መቼ እንደሚደርስ እኔ አልወስንም።

መላሹ፦ እንግዲያውስ ሌላም ነገር ጠይቂው፦ ተከፈለ የሚባለው የተላከበት ቀን ነው ወይስ ሻጩ ሂሳብ የገባበት? እሱም አልተጻፈም። ሁለቱንም ከሻጩ ጋር ጨርሱና የታረመውን አንቀጽ እዚህ መልሰሽ አምጪው፤ አብረን እናየዋለን።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ የቤት ውል እየተረጎምኩ ነው። ብሩን በዶላር ልጻፈው?

መላሹ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አንብብ።