የስጦታ ካርድ የጠየቀኝ «የግብር ሠራተኛ»

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ፣ ዛሬውኑ 2,000 ዶላር በስጦታ ካርድ ካልከፈልሽ ፖሊስ ይመጣብሻል አለኝ። የታየው ቁጥር የዋሽንግተን ነው። እውነት ይሆን?»

መልስ፦ እኅቴ፣ አጭበርባሪ ነው። ስልክሽ ላይ የሚታየው ቁጥር በቀላሉ ስለሚቀየር ማስረጃ አይሆንም። አይአርኤስ ዕዳ ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በፖስታ ደብዳቤ ይልካል፤ ግብር በስጦታ ካርድ ክፈዪ ብሎ ግን አይጠይቅም። እነዚህ ሰዎች ካርድ የሚመርጡት ከጀርባው ያለውን ቁጥር ካነበብሽላቸው ገንዘቡን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያወጡት ነው። «ስልኩን እንዳትዘጊ» የሚሉትም ሰው እንዳታማክሪ ነው፤ ዝጊው! ዕዳ መኖሩን IRS.gov ላይ በራስሽ አካውንት ተመልከቺ። ቁጥሩን አንብበሽላቸው ከሆነ ግን ካርዱንና ደረሰኙን ይዘሽ፣ ካርዱን ያወጣው ድርጅት እንዲያግደው አሁኑኑ ደውዪ።