360ን ለምን ነካሁት?

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ዘንድሮ ሥራ የጀመረች አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ስሙ ግልጽ ከሆነ ኮዱ ራሱ ይናገር የለ? ኮሜንት ለምን ያስፈልጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። በጊዜው አጭር መልስ ሰጥቻት አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በ1999 ዓ.ም. አንድ ሽማግሌ ፊቴ የገለጡት ደብተር ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር የዓሣ አስጋሪዎች የቁጠባና ብድር ማኅበር ነበር። አባላቱ ለመረብና ለጀልባ ሞተር ይበደራሉ፣ በዓመት 12 በመቶ ወለድ ይከፍላሉ። በ1994 ዓ.ም. የብድር መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር የመለስኩላቸው እኔ ነኝ፤ በቪዥዋል ቤዚክ። ወለድ የሚያሰላው ቦታ ይህን ይመስል ነበር፦

```
n = 360 * (y2 - y1) + 30 * (m2 - m1) + (d2 - d1)
w = a * p * n / 36000
```

`a` የብድሩ ገንዘብ፣ `p` የወለዱ መጠን፣ `n` የቀኑ ብዛት፣ `w` ወለዱ ነው። ስጽፈው ሁሉም እንደ እጄ መዳፍ ግልጽ ነበር። 360 የሆነበትንም ምክንያት አውቅ ነበር። የማኅበሩ ጉባኤ ተሰብስቦ «የጳጉሜን ቀናት ወለድ አይታሰብባቸውም» ብሎ ወስኗል፤ ስለዚህ በማኅበሩ ሒሳብ ዓመት ማለት 12 ወር በ30 ቀን ነው። ይህን ውሳኔ ግን ኮዱ ላይ በአንድ ቃል እንኳ አላሰፈርኩም። ያኔ በምጽፍበት መስኮት ላይ የግዕዝ ፊደል አይወጣም ነበርና በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፉን ተጠየፍኩት። ደግሞ ሒሳቡን የሚነካው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለማን እጽፋለሁ ብዬ ነበር።

በሰኔ 1998 አዲስ የሪፖርት ገጽ ልጨምር ያንኑ ፋይል ከፈትኩ። 360 የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ። «ዓመት 365 ቀን አይደል እንዴ! ይህን ሁሉ ጊዜ አሳስቻቸዋለሁ ማለት ነው» አልኩና አስተካከልኩት። ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኩትን ትክክለኛ ነገር በገዛ እጄ አበላሸሁት። 36000 ውስጥ ሁለተኛው 360 ተደብቆ መቀመጡን ደግሞ አላየሁም፤ 360 በ100 ተባዝቶ ነው፣ መቶው የመቶኛው ነው። አንዱ ተቀየረ፣ ሌላው ቀረ።

ሞክሬዋለሁ እኮ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የቆየ አንድ ብድር አስገብቼ የድሮው ውጤት ራሱ መጣልኝ፤ ተረጋጋሁ። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሆኑ `y2 - y1` ዜሮ ነው፤ በዜሮ የተባዛ 360ም ሆነ 365 ያው ዜሮ ነው። ስህተቱ የሚታየው መስከረምን በተሻገረ ብድር ላይ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሞከርኩት ያልተሻገረውን ነው።

በጥቅምት 1999 ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አባት ቢሮ ገቡ። ጥቅምት 1 ቀን 1998 የተበደሩትን 6,000 ብር ልክ በዓመቱ ሊመልሱ ነው። ማሽኑ ወለዱን 730 ብር አለ። እሳቸው 720 ይዘዋል። ገንዘብ ያዧ ጠራችኝና መጣሁ። ያልኩትን ዛሬም አልረሳውም፤ «አባቴ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም» አልኳቸው። ሰውዬው አልተቆጡም። ከጋቢያቸው ሥር የተማሪ ደብተር አወጡና ገለጡ። በእርሳስ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ በየወሩ 60 ብር ተጽፏል፤ አሥራ ሁለት መስመር። ከነሐሴ ቀጥሎ ያለው መስመር ግን ገንዘብ የለበትም። «ጳጉሜን፦ ወለድ የለውም፣ ጉባኤው እንዳለው» ይላል። «የጳጉሜንን ወለድ ማን አዘዘ ልጄ?» አሉኝ።

አሥሩ ብር የአምስት ቀን ወለድ ነው፣ በቀን ሁለት ብር። ከሰኔ ጀምሮ ትርፍ የከፈሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ፈልገን መለስን፤ ለአንዳንዱ ሦስት ብር፣ ለአንዳንዱ ሃያ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። እኔን ያሳፈረኝ ግን ያ አባት ምክንያቱን ለራሳቸው ጽፈው ማስቀመጣቸው ነው፤ ጻፍ ጻፍ ተብዬ የተማርኩት እኔ ግን አልጻፍኩም። (አባቴም በሕይወቱ ሳለ የንብ ቀፎዎቹን በር ላይ በከሰል ምልክት ያደርግ ነበር፤ የትኛው ማሩ እንደተቆረጠ፣ የትኛው ገና እንደሆነ። ልጅ ሆኜ ምን ያደርግለታል እል ነበር።)

ያን ኮድ ዛሬ ብጽፈው ይህን ይመስላል፦

```
# ጉባኤው በሐምሌ 1993 ወስኗል፦ ጳጉሜን ወለድ የለውም።
# ስለዚህ ዓመቱ 360 ቀን ነው፤ ወደ 365 አትቀይረው።
DAYS_PER_LOAN_YEAR = 360

days = DAYS_PER_LOAN_YEAR * (y2 - y1) + 30 * (m2 - m1) + (d2 - d1)
interest = principal * annual_rate * days / (100 * DAYS_PER_LOAN_YEAR)
```

ስሙ ግማሹን ሥራ ሠርቷል፤ ልጅቱ እውነት አላት። `DAYS_PER_LOAN_YEAR` የሚለውን ያነበበ ሰው ይህ የብድር ዓመት እንጂ የፀሐይ ዓመት እንዳልሆነ ይጠረጥራል። ቁጥሩም አንድ ቦታ ብቻ ስለተጻፈ ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው አይቻልም። ነገር ግን የትኛውም ስም ቢረዝም ጉባኤውን ሊሸከም አይችልም። ማን እንደወሰነ፣ መቼ፣ ለምን የሚለው ከኮዱ ውጭ፣ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ኮሜንት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የዛሬ ልጆች ኮሜንት አትጽፉም ማለት አልችልም፤ ትጽፋላችሁ፣ ግን `i = i + 1` አጠገብ «አንድ ጨምር» ብላችሁ ነው። መስመሩ የሚናገረውን ደግማችሁ ትጽፉና ዝም ያለበትን ቦታ ታልፉታላችሁ። እኔም ከዚያ ጥፋት በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል በየመስመሩ ኮሜንት ስጽፍ ኖሬያለሁ። ኮዱ ሲቀየር ኮሜንቱ ሳይቀየር ቀረ፤ «12 በመቶ» ከሚል ጽሑፍ ሥር 13 በመቶ የሚያሰላ መስመር አገኘሁ። የሚዋሽ ኮሜንት ጭራሽ ካለመኖሩ ይብሳል። ቢሆንም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከበዛና ከጎደለ ኮሜንት አንዱን ምረጥ ብባል የበዛውን እመርጣለሁ።

ልጅቱ ስለ ቋንቋም ጠይቃኝ ነበር። ኮሜንቱን በአማርኛ ጻፉት፤ የጉባኤ ውሳኔ የተወሰነው በአማርኛ ነውና። ስሞቹን ግን በእንግሊዝኛ አድርጓቸው። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስምነት ይቀበላል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሞክሬዋለሁ። አንዱ ቦታ `ዓመት` ሌላው ቦታ `አመት` ብዬ ጻፍኩና ስሙን አላውቀውም አለኝ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ዓይኑ ዓ እና አልፋው አ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አማርኛን በላቲን መጻፉ ደግሞ አንዱን `pagume` ሌላውን `pagumen` ያሰኝና ስትፈልጉት ግማሹ አይገኝም።

ልጄ፣ ቅዳሜ ያሳየሽኝ ኮድ ውስጥ `if status == 7` የሚል መስመር ነበር። ሰባት ምን እንደሆነ ስጠይቅሽ ሳታስቢ መለስሽልኝ፤ ቅርንጫፉ ሲዘጋ የተሰረዙ ደንበኞች ናቸው አልሽኝ። ሰኞ ቢሮ ስትገቢ ያልሽኝን ዓረፍተ ነገር እንዳለ እዚያ መስመር ላይ አስፍሪው።