ሮብ እንላለን፣ ረቡዕ እንጽፋለን፦ ስለሚዋጡ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጥያቄና መልስ

ዕድሜዬን የገፋሁት እንግሊዝኛ በማስተማርና የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። ዛሬ አራት ቃላት ብቻ ይዘን እንቀመጥ፦ Wednesday፣ February፣ library እና government። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ልጄ አሜሪካ ነው የተወለደችው፤ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ትናንት ለክፍሏ ልጆች በጻፈችው ወረቀት ላይ ግን Febuary ብላ አየሁ። በአነጋገሬ የምትስቅብኝ እሷ ናት፣ በትክክል የምጽፈው ግን እኔ። እንዴት ነው ነገሩ?

አንቺ ቃሉን የተማርሽው ከወረቀት ነው፣ እሷ ደግሞ ከሰው አፍ። እኛ «ፌብሩዋሪ» ስንል ሁለቱም አር ቁጭ ብለው ይሰማሉ። «ላይብረሪ» ስንልም እንደዚያው። እሷ የምትሰማው ግን «ፌብዩዌሪ» ነው፤ የሰማችውን በታማኝነት ጻፈች። ጆሮዋ ጥሩ ስለሆነ ነው የተሳሳተችው።

የመጀመሪያው አር ለምን ጠፋ ካልሽ፣ ሁለት ነገር ተገናኝቶ ነው። አንድ ድምፅ በአጭር ርቀት ሁለት ጊዜ ሲመጣ ምላስ አንደኛውን መተው ይወዳል፤ በlibrary ላይም አንዳንዱ ሰው «ላይበሪ» የሚለው ለዚህ ነው። February ላይ ደግሞ ጎረቤቱ ጃንዩዌሪ ይጎትተዋል። ሁለቱን ወሮች አከታትላችሁ ስትጠሩ አፍ ያንኑ ዜማ ይደግማል።

ጋሼ፣ መልሱ ቀላል ነው እኮ። እንግሊዞች ድሮ ፊደሉን ሁሉ ያነቡት ነበር። ማተሚያ ሲመጣ አጻጻፉ ደረቀ፣ አነጋገሩ መንገዱን ቀጠለ። አበቃ።

ለWednesday ልክ ነህ ወንድሜ። ዕለቱ የተሰየመው የጥንት እንግሊዞች ያመልኩት በነበረው በዎደን ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ዲው በእርግጥ ይነበብ ነበር። በኋላ መካከል ላይ ያለው አናባቢ ሲወድቅ ዲ፣ ኤን እና ኤስ ተጨናነቁ። ዲና ኤን ምላስ አንድ ቦታ ላይ የምትሠራቸው ናቸው፤ ኤን ዲን ዋጠው።

ለFebruary ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የመጣው። እንግሊዞች መጀመሪያ የወሰዱት ከፈረንሳዮች አፍ ነው። ያኔ የሚጽፉት feverer እያሉ ነበር፤ በቢ ፈንታ ቪ ነበረበት። ኋላ የላቲን ሥሩ ትዝ ሲላቸው አጻጻፉን ወደዚያ መለሱት። ቢና አር ተያይዘው የመጡት ከመጽሐፍ ነው፤ ምላስ ግን ያንን አር ሁልጊዜ አልተቀበለውም። ስለዚህ «ድሮ ይነበብ ነበር» የሚለው መልስ ለአራቱም አይሠራም።

ደግሞ እኛስ? «ሮብ እንገናኝ» ብለን ቀጠሮ እንይዝና ስንጽፍ ረቡዕ እንላለን። ዐይኑ ዕ በአፋችን የለችም፤ በጽሑፍ የቆየችው ቃሉ የግእዝ ስለሆነ ነው፤ ትርጉሙም «አራተኛ» ነው። ከእሑድ ቁጠሩት። ይኸው የእኛም ዌንስደይ።

የታክሲ ሾፌር ነኝ፣ ሁሌ goverment ብዬ እጽፋለሁ። ኤኗን ረስቻት ሳይሆን አልሰማትም። የት ነው የምትጠፋው?

ከንፈርህ ላይ። ቃሉን ፈጠን ብለህ በለው፤ ኤም እየመጣች መሆኑን ከንፈርህ ያውቅና አስቀድሞ ይገጥማል። ምላስህ ኤንን ሳትጨርስ በሩ ተዘጋ። በአማርኛም ይኸው ነው፦ «አንበሳ» ብለን እንጽፋለን፣ ስንናገር ግን ብዙዎቻችን «አምበሳ» ነው የምንለው። «ን»ዋ ከንፈር ከሚገጥምበት ከ«በ» ፊት ቆማ ወደ «ም» ተለወጠች።

መፍትሔው ቃሉን ከመጨረሻው መቁረጥ ነው። ment ሲነሣ govern ይቀራል፤ «አስተዳደረ» ማለት ነው። እዚያ ላይ ኤንን የሚሸፍናት ስለሌለ ጥርት ብላ ትሰማለች። ለlibraryም እህት ቃል አለው፤ librarian ስትል የድምፁ ጉልበት ወደ መካከሉ ይሄድና ከቢ ቀጥሎ ያለችው አር ጎልታ ትወጣለች። February ግን ዘመድ የለውም፤ እሱን በዓይን መያዝ ነው።

እኔ ጥያቄዬ ሌላ ነው፣ ይቅርታ። እናቴ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ልትቀርብ ነው። ፈታኙ መኮንን «ፌብዩዌሪ» ሲል የሰማችውን ከጻፈች ትወድቃለች?

ጥያቄሽ ሌላ አይደለም፣ እዚያው ነው። February ለጽሑፍ ፈተናው ከወጣው የቃላት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ government ደግሞ በንባቡ በኩል ነው ያለው። ለጽሑፉ ሦስት ዕድል ይሰጣታል፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሚገባ ከጻፈች ይበቃል። ትርጉሙን እስካላበላሸ ድረስ የፊደል ግድፈት አይጥላትም፤ አንድ አር በመዝለሏ ቃሉ ሌላ አይሆንም። Feb ብላ እንዳታሳጥረው ግን ንገሪያት፤ የተነገራትን ቃል ሙሉውን ነው መጻፍ ያለባት። እማማን «ፌብሩዋሪ» እያሉ እንዲያጠኑ አድርጊያቸው፤ የሐበሻ አነጋገር እዚህ ላይ ይጠቅማል።

በር ላይ የምለጥፈውን ይህን ያርሙልኝ፦ The goverment libary is closed on Wendesday, Febuary 12.

አራት ስህተት አለበት፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ያልሰማሃቸውን ፊደላት ዘለልካቸው። goverment ላይ ኤን፣ libary እና Febuary ላይ ደግሞ አር ይመለሱ።

Wendesday ግን የተለየ ነው። እዚህ ላይ ዲ መኖሯን ታውቃለህ፤ ቦታዋን ነው ያጣኸው። ጆሮህ «ዌን» ስላለህ ኤንን አስቀደምክ፣ ከዚያ ዲን የቀረ ክፍተት ፈልገህ ሸጎጥካት። ዎደንን አስበው፤ ዲ ከኤን በፊት ነው። Wed ብለህ ጀምር፣ ከዚያ nes፣ ከዚያ day። ኮምፒውተር ላይ ብትጽፈው አራቱም ከሥራቸው ቀይ ይሰመርባቸው ነበር፤ በእጅ ስትጽፍ ግን የሚያስጠነቅቅህ የለም።

ጋሼ፣ እኔም አስተማሪ ነኝ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። «ዌድ-ነስ-ደይ» እያላችሁ ያዙት ብዬ ያስተማርኳቸው ልጆች አሁን አፍ አውጥተው እንደዚያ ይናገሩታል። አጻጻፉን አዳንን፣ አነጋገሩን ገደልን።

እውነትሽን ነው፣ እኔም ክፍል ውስጥ ደርሶብኛል። በልብ ብቻ በሉት እያልኩ፣ ከኋላ ወንበር ጮክ ብሎ የሚለው አይጠፋም። አንዳንድ ጊዜ ድምፁን ትቼ በእጅ ብቻ አምስት ጊዜ አስጽፌያለሁ። የትኛው እንደሚበልጥ ግን እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። አንቺ በምን ትተኪዋለሽ?

ቀይ እስክሪብቶ። የምትዋጠዋን ፊደል ብቻ በቀይ ያስጽፏቸው። ግን አንድ ነገር፦ «ፌብዩዌሪ» የሚለውን ልጅ ላርመው?

በጽሑፉ አርሚው፣ በአፉ ተዪው። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም አነጋገር ይይዛሉ። «አሯ ካልተሰማች አልቀበልም» የሚል አስተማሪ አሁንም አለ፤ ጠጋ ብለሽ ብትሰሚው ግን እሱም ሲቸኩል ይውጣታል። ቀይ እስክሪብቶሽን ሰኞ እሞክራታለሁ።