የጎደለው 250,000 ሪቴንሽን አይደለም

«በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ የግንባታ ተቋራጭ ቢሮ የክፍያ ጥያቄ አዘጋጃለሁ። እስከ ሦስተኛው ክፍያ የተሠራው ሥራ 4,000,000 ነው፤ እስከ ሁለተኛው 2,500,000 ነበር። ሪቴንሽኑ 10 በመቶ ነው። ለሦስተኛው የተከፈለን ግን 1,100,000 ብር ብቻ ነው። አለቃዬ "ሪቴንሽን ነው" ብለው ተዉት። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ቤተሰቦቼም ትተሽው ባንክ ግቢ ይሉኛል። ይህ ሥራ የትም የሚያደርስ አይመስለኝም፤ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ሪቴንሽኑ፣ ማለትም ከየክፍያው ተቀንሶ እስከ ርክክብ የሚቆየው መያዣ፣ ሁለት ጊዜ ተቀንሶባችኋል። የ4,000,000 10 በመቶ 400,000 ነው፤ ይህ ግን የሦስቱም ክፍያዎች መያዣ ድምር ነው። ከዚህ ውስጥ 250,000ው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍያዎች ተይዟል። የክፍያ ሰርተፊኬቱን የሠራው ሰው 400,000ውን በሙሉ ከዚህኛው ጊዜ ሥራ፣ ማለትም ከ1,500,000 ላይ አንስቶታል። መሆን የነበረበት ከ4,000,000 ላይ 400,000 ቀንሶ፣ ከቀረው 3,600,000 ላይ ደግሞ ቀድሞ የተከፈላችሁን 2,250,000 ማንሳት ነበር። 1,350,000 ይደርሳችሁ ነበር።

የአሁኑን ሥራ ብቻ ወስደሽ 10 በመቶ ብትቀንሺም እዚሁ ቁጥር ላይ ትደርሻለሽ። ሆኖም ባለፈው ክፍያ 500 ሜትር ኩብ ተብሎ የገባ ቁፋሮ እንደገና ሲለካ 460 ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ከድምሩ ከተነሳሽ 460 ብለሽ መጻፍ ብቻ ይበቃሻል፤ በብልጫ የተከፈለውም የተያዘውም በዚያው ይስተካከላል።

ውሉንም አንብቢ። አንዳንድ ውል መያዣው ከውሉ ዋጋ 5 በመቶ ሲደርስ ይቆማል ይላል። የውሉ ዋጋ 10,000,000 ቢሆን፣ ጣሪያው 500,000 ነውና ሥራው ግማሽ ሲደርስ ቅነሳው ያበቃል። ይህን የሚከታተል ሰው ከሌለ ቅነሳው ይቀጥላል።

መያዣውን በመዝገብ ከሌላው ተሰብሳቢ ለይተሽ ያዢው። ከተደባለቀ ጊዜው ያለፈበት ዕዳ ይመስላል፤ ከነጭራሹ ካልተመዘገበ ደግሞ የሚጠይቀው አይኖርም። ብዙ ጊዜ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ፣ ቀሪው የጉድለት ማረሚያ ጊዜው አልቆ በመጨረሻው ርክክብ ይለቀቃል። ያን ጊዜ የሳይቱ ሰዎች ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል፤ በደብዳቤ ጠይቆ የአማካሪ መሐንዲሱን ማጽደቂያ የሚያስወጣው የክፍያ ሠራተኛው ነው። የተቋራጭ ትርፍ ብዙውን ጊዜ እዚህ መያዣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው ክፍያ እስከ መያዣው መለቀቅ ይዘሽ ሳትጨርሺ አትልቀቂ።

ቤተሰቦችሽ ባንክ የሚሉሽ ስሙን ስለሚያውቁት ነው፤ ሥራሽን ግን አያውቁትም። የደመወዙን ጉዳይ 250,000ው ከተመለሰ በኋላ አንሺው።

ለአማካሪው ስሌቱን አያይዘሽ ዛሬውኑ ጻፊ። አራተኛውን ክፍያ ስታዘጋጂ «ቀደም ሲል የተከፈለ» በሚለው ረድፍ ላይ የገባላችሁን 3,350,000 አስፍሪ እንጂ 3,600,000 እንዳትጽፊ፤ የጎደለው ከዚያው ክፍያ ጋር ተደምሮ ይመጣል።